ለህንድ ኢንጂነር ሲከፈል ግብሩ የማን ነው? ተደራራቢ ግብርን የማስቀረት ስምምነት በአንድ የጅማ ቡና ማበጠሪያ ሒሳብ ሲሰላ

ጅማ ውስጥ ያለ አንድ ቡና ማበጠሪያ (ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው) ከህንድ የቡና ፍሬን በቀለም የሚለይ ማሽን ገዛ እንበል። ማሽኑን ተከትለው ሁለት ኢንጂነሮች መጡ። አምስት ሳምንት ቆይተው ተከሉት፣ ካሜራውን በሊሙና በአጋሮ ቡና ናሙና አስተካከሉ፣ ሠራተኞቹን አሠልጥነው ሄዱ። ከሳምንት በኋላ «የማስተካከልና የሥልጠና አገልግሎት፣ 1,000,000 ብር» የሚል ኢንቮይስ በኢሜይል ደረሰ። ገንዘቡ በዶላር ነው የሚከፈለው፤ ስሌቱ እንዳይወሳሰብ ግን ከዚህ በታች ሁሉንም በብር እናስቀምጠዋለን።

የሒሳብ ሹሙ ጥያቄ አጭር ነው፤ ስንት ልቀንስ? የገቢ ግብር አዋጁን ከፍቶ 15 በመቶ ያገኛል። ህንዶቹ ደግሞ «ስምምነት አለ፣ 10 በመቶ ነው» ይላሉ። አንዳንዴ ጭራሽ «እኛ ግብር የምንከፍለው በሀገራችን ነው፣ ምንም አይቀነስም» የሚልም ይመጣል። ከሦስቱ መልሶች ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ፣ የተቀነሰውስ ግብር ህንድ ሲደርስ ምን እንደሚሆን ደረጃ በደረጃ እንየው። መንገዱ ለሌላ ሀገርና ለሌላ ዓይነት ገቢም ያው ነው፤ የሚቀየረው ቁጥሩ ነው።

ደረጃ 1፦ ተቀባዩ የየት ሀገር ነዋሪ ነው?

ስምምነት የሚጠቅመው ከሁለቱ ፈራሚ ሀገሮች የአንዱ ነዋሪ ለሆነ ሰው ብቻ ነው። እዚህ ላይ ነዋሪ ማለት በግብር ሕግ ነዋሪ ማለት ነው እንጂ ፓስፖርት ወይም የኢንቮይሱ ራስጌ አድራሻ አይደለም። በኢትዮጵያ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 አንድ ድርጅት እዚህ ከተቋቋመ ወይም ዋናው አመራሩ እዚህ ከሆነ የኢትዮጵያ ነዋሪ ነው። ግለሰብ ደግሞ መኖሪያው እዚህ ከሆነ ወይም በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ በተከታታይም ሆነ በመመላለስ ከ183 ቀን በላይ ከቆየ ነዋሪ ይባላል። የኛ ኢንጂነሮች 35 ቀን ነው የቆዩት፤ አሠሪያቸውም የተቋቋመውና የሚመራው ህንድ ነው።

ይህን ግን በቃል ማመን አይቻልም። ከፋዩ የሚፈልገው የህንድ ግብር ባለሥልጣን የሰጠውን የግብር ነዋሪነት ማረጋገጫ ነው። ወረቀቱ ሲደርስ ሦስት ነገር ይታያል። አንደኛ፣ የድርጅቱ ስም በውሉ ላይ ካለው ስም ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት። ሁለተኛ፣ ማረጋገጫው የሚሸፍነው ዓመት ክፍያው የሚፈጸምበትን ጊዜ ማካተት አለበት። የህንድ የግብር ዓመት ከሚያዝያ እስከ መጋቢት (በፈረንጆች አቆጣጠር ከኤፕሪል 1 እስከ ማርች 31) ስለሆነ፣ በየካቲት የመጣ ወረቀት በሰኔ ለሚፈጸም ክፍያ አይሆንም። ሦስተኛ፣ ገንዘቡ የሚገባበት የባንክ ሒሳብ የዚያው ድርጅት መሆን አለበት። ውሉ ከህንድ ኩባንያ ጋር ሆኖ ክፍያው ዱባይ ወዳለ «እህት ኩባንያ» እንዲላክ ሲጠየቅ፣ የገቢው እውነተኛ ባለቤት ማን ነው የሚለው ጥያቄ ይነሳና የህንዱ ስምምነት ከእጅ ያመልጣል።

የኢትዮጵያ አዋጅ አንቀጽ 48 ሌላም ወጥመድ አለው። ስምምነት ከአዋጁ ጋር ሲጋጭ በመርህ ደረጃ የሚያሸንፈው ስምምነቱ ነው። ነገር ግን የተቀባዩ ድርጅት ባለቤትነት 50 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የዚያ ሀገር ነዋሪ ባልሆኑ ሰዎች እጅ ከሆነ፣ የተቀነሰው ተመን ሊከለከል ይችላል። ሀሳቡ ከሦስተኛ ሀገር መጥቶ ስምምነት ባለበት ሀገር ሳጥን ብቻ የሚከፍተውን ለመዝጋት ነው። የባለአክሲዮኖችን ዝርዝር ከነዋሪነት ማረጋገጫው ጋር አብሮ መጠየቅ የሚሻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ደረጃ 2፦ ገቢው የትኛው አንቀጽ ውስጥ ይወድቃል?

ስምምነቶች ገቢን በዓይነት ከፋፍለው ለእያንዳንዱ የተለየ ድልድል ያስቀምጣሉ። አብዛኞቹ የተጻፉት በሁለት የታወቁ ሞዴሎች፣ በበለጸጉ ሀገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት በኦኢሲዲና በተባበሩት መንግሥታት ሞዴል፣ ላይ ተመሥርተው ስለሆነ የአንቀጽ ቁጥራቸው ይቀራረባል። በተለመደው አቀማመጥ 6 የማይንቀሳቀስ ንብረት፣ 7 የንግድ ትርፍ፣ 10 የትርፍ ድርሻ፣ 11 ወለድ፣ 12 ሮያሊቲ ማለትም ለፈጠራ ወይም ለመሰል መብት መጠቀሚያ የሚከፈል ገንዘብ፣ 15 ደመወዝ፣ 23 ደግሞ ተደራራቢው ግብር የሚወገድበት ዘዴ ነው። አንዳንዱ ስምምነት ላይ ቁጥሩ በአንድ ወይም በሁለት ይዛነፋል፤ ርዕሱን እንጂ ቁጥሩን አትመኑ።

የኛ ኢንቮይስ የሚለው ማስተካከልና ሥልጠና ነው። የማሽኑ ዋጋ ግን ሌላ ነገር ነው። የዕቃ ሽያጭ የንግድ ትርፍ ነው፤ ሻጩ ኢትዮጵያ ውስጥ በቋሚነት የሚሠራ ድርጅት፣ ማለትም ሥራውን የሚያካሂድበት ቋሚ ቦታ፣ ከሌለው ከዚያ ትርፍ ኢትዮጵያ የምትወስደው የገቢ ግብር የለም። አገልግሎቱ ግን በኢትዮጵያና በህንድ መካከል በ2011 እ.ኤ.አ. በተፈረመው ስምምነት የራሱ ቦታ አለው። የቴክኒክ አገልግሎት ክፍያ ከሮያሊቲ ጋር ተያይዞ እስከ 10 በመቶ ይቀነስበታል።

ብዙ ጊዜ ነገር የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ውሉ «ማሽን፣ ተከላና ሥልጠና፣ ጠቅላላ 7,000,000 ብር» ብሎ በአንድ መስመር ከጻፈው፣ ኦዲተሩ የአገልግሎቱን ድርሻ የሚለይበት ነገር ያጣና ሰፋ አድርጎ ያሰላል። 6,000,000 የማሽን፣ 1,000,000 የአገልግሎት ተብሎ በውሉም፣ በኢንቮይሱም፣ በጉምሩክ ዲክላራሲዮኑም ላይ አንድ ዓይነት ተጽፎ ሲገኝ ክርክር አይኖርም። ግብሩን ለመቀነስ ሲባል የአገልግሎቱን ዋጋ ወደ ማሽኑ ማሻገር ደግሞ ብልጠት ይመስላል እንጂ፣ የጉምሩክ ቀረጥ የሚሰላበትን ዋጋ ስለሚያሳድግ በሌላ በር ይወጣል።

የቴክኒክ አገልግሎት አንቀጽ የሌላቸው ስምምነቶችም አሉ። የኦኢሲዲ ሞዴል እንዲህ ያለ አንቀጽ የለውም፤ የተባበሩት መንግሥታት ሞዴል 12ሀ ብሎ ያስገባውም በ2017 እ.ኤ.አ. እትሙ ነው። አንቀጹ ከሌለ ክፍያው ወደ ንግድ ትርፍ ይመለሳል፤ ቋሚ ድርጅት ከሌለም ኢትዮጵያ የምትወስደው ዜሮ ይሆናል። «እኛ በሀገራችን ነው የምንከፍለው» የሚለው አቅራቢ አንዳንዴ እውነቱን ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ ህንዶቹ ግን ይህን ማለት አይችሉም።

ደረጃ 3፦ «ብቻ» የምትለዋን ቃል ፈልጉ

ግብር የመጣል መብት የሚከፋፈለው በሁለት ዓይነት አረፍተ ነገር ነው። አንዱ «በዚያ ሀገር ብቻ ግብር ይከፈልበታል» ይላል። ሌላው «በሌላውም ሀገር ግብር ሊከፈልበት ይችላል» ይላል። ልዩነቱ አንዲት ቃል ናት፤ ሥራዋ ግን ትልቅ ነው። «ብቻ» ካለ ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ የቀረው ሀገር እጁን ይሰበስባል፤ ስለ ማካካሻም ማሰብ አያስፈልግም። «ሊከፈልበት ይችላል» ካለ ግን ሁለቱም ሀገሮች ይወስዳሉ፤ መደራረቡን የሚያቃልለው በኋላ የሚመጣው አንቀጽ 23 ነው።

«ሊከፈልበት ይችላል» የሚለውም ሁለት መልክ አለው። የማይንቀሳቀስ ንብረትና በቋሚነት የሚሠራ ድርጅት ትርፍ ላይ ገቢው የመነጨበት ሀገር ያለ ጣሪያ፣ በራሱ ሙሉ ተመን ይወስዳል። የትርፍ ድርሻ፣ ወለድ፣ ሮያሊቲና የቴክኒክ ክፍያ ላይ ደግሞ «ከጥቅሉ ከዚህ በመቶ ሊበልጥ አይችልም» የሚል ጣሪያ ይቀመጣል። የኛው ጉዳይ ይሄኛው ነው። ጣሪያው 10 በመቶ ነው፤ የሚሰላውም ከጥቅል ክፍያው ላይ ነው፤ ወጪ አይቀነስለትም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ደረጃ 5 ላይ ተመልሳ ትመጣለች።

የሁለቱ ኢንጂነሮች ደመወዝ ለብቻው ይታያል። በተለመደው የደመወዝ አንቀጽ መሠረት ከ183 ቀን በታች ከቆዩ፣ የሚከፍላቸው የኢትዮጵያ ነዋሪ ያልሆነ አሠሪ ከሆነና ወጪው እዚህ ባለ ቋሚ ድርጅት ላይ ካልተጫነ፣ ደመወዛቸው ህንድ ብቻ ነው የሚታክሰው። ሦስቱም አብረው መሟላት አለባቸው። ማበጠሪያው «ለኪሳችሁ» ብሎ ደመወዝ ቢጤ በቀጥታ ቢከፍላቸው ሁለተኛው ነጥብ ይፈርሳል።

ደረጃ 4፦ ጣሪያውን ከአዋጁ ተመን ጋር አስተያዩ

ስምምነት ግብር አይጥልም፤ የሀገር ውስጥ ሕግ የጣለውን ይገድባል እንጂ። ስለዚህ ሁልጊዜ ሁለቱ ተመኖች ጎን ለጎን ይቀመጡና ዝቅተኛው ይወሰዳል። በአዋጅ 979/2008 አንቀጽ 51 ነዋሪ ላልሆነ ሰው የሚከፈል የቴክኒክ ክፍያ ላይ የተቀመጠው 15 በመቶ ነው፤ ስምምነቱ 10 ይላል፤ ስለዚህ 10። አዋጁ ሲወጣ ለሮያሊቲ ያስቀመጠው 5 በመቶ ሲሆን የህንዱ ስምምነት እስከ 10 ይፈቅዳል፤ በዚያ ተመን ከሆነ የሚሠራው 5 ነው። «ስምምነቱ 10 ስለሚል» ብሎ 10 መቀነስ አቅራቢውን ከሀገሪቱ ሕግ በላይ ማስከፈል ነው። የገቢ ግብር አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ስለተሻሻለ፣ የአዋጁን ተመን ከድሮ ፎቶ ኮፒ ሳይሆን ክፍያው በሚፈጸምበት ቀን ከሚሠራው ጽሑፍ ላይ ማየት ግድ ነው።

በዚሁ ደረጃ የሚፈጠር አንድ ግርታ አለ። ከውጭ በተገዛ አገልግሎት ላይ ገዢው ራሱ የሚያሰላው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስም አለ። ከአንቀጽ 51ዱ 15 ጋር ቁጥሩ ስለሚመሳሰል አንዱ ተከፍሎ «ከፍለናል» የሚባልበት ጊዜ ብዙ ነው። ስምምነቱ የገቢ ግብርን ብቻ ነው የሚነካው፤ ቫቱ እንዳለ ይቀጥላል።

አሁን ቁጥሩ። ከ1,000,000 ብር 100,000 ተቀንሶ ለገቢዎች ይገባል፤ 900,000 ወደ ህንድ ይሄዳል። ውሉ ግን «ከማንኛውም የኢትዮጵያ ግብር ነፃ ሆኖ 1,000,000 የተጣራ» ካለ ሒሳቡ ይገለበጣል። ህንዶቹ ሙሉ 1,000,000 እንዲደርሳቸው ጥቅሉ 1,000,000 ÷ 0.90 = 1,111,111 ብር ይሆናል፤ ግብሩም 111,111 ነው። የተለመደው ስህተት 10 በመቶውን ከ1,000,000 ላይ አስልቶ 100,000 ማስገባት ነው፤ 11,111 ብር ጉድለት በኦዲት ከነወለዱ ይመጣል። በ15 በመቶ ቢሆን ኖሮ ጥቅሉ 1,176,471 ይሆን ነበር። የነዋሪነት ማረጋገጫውን አለመጠየቅ ማበጠሪያውን 65,360 ብር ያስወጣዋል ማለት ነው።

የወረቀቱ ቅደም ተከተልም ዋጋ አለው። ማረጋገጫው፣ ውሉና ኢንቮይሱ ከክፍያው በፊት የግብር ፋይሉ ላለበት ቅርንጫፍ ቀርበው በዝቅተኛው ተመን መቀነሱ ተቀባይነት ሲያገኝ ነው ገንዘቡ የሚላከው። አስቀድሞ 10 ቀንሶ ልኮ በኋላ ማረጋገጫ ማሳደድ አደገኛ ነው፤ ሳይቀነስ ለቀረው ተጠያቂው ቀናሹ ነው፤ ህንድ ያለው ሰው ደግሞ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ ለኢሜይል መልስ የመስጠት ፍጥነቱ ይቀንሳል።

ደረጃ 5፦ የነዋሪነቱ ሀገር እንዴት ያቃልላል?

ኢትዮጵያ 100,000 ወስዳለች። ህንድም የራሷን ኩባንያ በዓለም ዙሪያ ባገኘው ገቢ ላይ ታስከፍላለች። መደራረቡን ለማስወገድ ሁለት ዘዴ አለ።

ነፃ የማድረግ ዘዴ ማለት የነዋሪነቱ ሀገር ያን ገቢ ጨርሶ ከሒሳቡ ያወጣዋል ማለት ነው። የማካካሻ ዘዴ ማለት ደግሞ ገቢውን ይጨምረዋል፣ ግብሩን ያሰላል፣ ከዚያ ውጭ የተከፈለውን ግብር ከደረሰው ግብር ላይ ይቀንሳል። ማካካሻው ግን ወሰን አለው፤ የነዋሪነቱ ሀገር በዚያው ገቢ ላይ ራሱ ከሚጥለው ግብር አይበልጥም። ህንድ ለእንዲህ ያለ ገቢ የምትጠቀመው ማካካሻን ነው።

የህንድ ኩባንያዎች የሚመርጡት ዝቅተኛው አጠቃላይ ተመን፣ ተጨማሪዎቹን ይዞ፣ 25.168 በመቶ ነው። ለስሌት 25 እንበለው። ኩባንያው 1,000,000 ቢያገኝም ወጪ አለው፦ የኢንጂነሮቹ ደመወዝ፣ አውሮፕላን፣ ሆቴል። ሁለት ሁኔታ እንይ።

በመጀመሪያው ሁኔታ ወጪው 300,000 ነው፤ ትርፉ 700,000። የህንድ ግብር 175,000 ይሆናል። ኢትዮጵያ የወሰደችው 100,000 ሙሉ በሙሉ ይካካሳል፤ ኩባንያው ለህንድ የሚጨምረው 75,000 ነው። ጠቅላላ ሸክሙ 175,000 ነው፤ ሀገሩ ሠርቶ ቢያተርፍ የሚከፍለው ያንኑ ነበር። ማካካሻ የታሰበውን ያህል ሠራ።

በሁለተኛው ሁኔታ ወጪው 800,000 ነው፤ ትርፉ 200,000 ብቻ። የህንድ ግብር 50,000 ይሆናል። ኢትዮጵያ ግን የወሰደችው ከጥቅሉ ስለሆነ ያው 100,000 ነው። ማካካሻው በ50,000 ይወሰናል፤ የቀረውን 50,000 ህንድ አትመልስም። ኩባንያው ከትርፉ ግማሹን በግብር አጣ። ስምምነቱ በትክክል ተፈጽሟል፣ ማንም አልተሳሳተም፣ መደራረቡ ግን ከፊሉ አለ። በደረጃ 3 ያዙልኝ ያልኩት ነጥብ ይህን ነው፤ መነሻው ሀገር ከጥቅል ይወስዳል፣ ነዋሪነቱ ሀገር ከተጣራ ያሰላል፣ ሁለቱ የሚለኩት በተለያየ ክንድ ነው።

ወሰኑን ቀድሞ ለማወቅ አንድ ማካፈል ይበቃል። የተቀናሹ ተመን ለነዋሪነቱ ሀገር ተመን ሲካፈል፣ 10 ÷ 25 = 40 በመቶ። ከኢንቮይሱ ትርፉ ከ40 በመቶ በታች የሆነ አቅራቢ የተወሰነ ግብር ያለ ማካካሻ ይቀርበታል። ለዚህ ነው ትርፋቸው ቀጭን የሆኑ አቅራቢዎች «የተጣራ» የሚለውን ቃል ውሉ ውስጥ ለማስገባት አጥብቀው የሚከራከሩት፤ ያንን 50,000 ወደ ጅማ ለማሻገር ነው። ማበጠሪያው ይህን ካወቀ በዋጋ ድርድሩ ላይ የሚናገረው ነገር ያገኛል።

ከፋዩ በስህተት 15 ቀንሶ ቢሆንስ? የመጀመሪያውን ሁኔታ እንውሰድ። 150,000 ተቀንሷል። ህንድ ግን የምታካክሰው በስምምነቱ መሠረት የተወሰደውን ነው፤ ከጣሪያው በላይ ያለውን 50,000 «ኢትዮጵያ ሳይገባት የወሰደችው ስለሆነ ከዚያው ጠይቁ» ትላለች። ኩባንያው ለህንድ ያንኑ 75,000 ይከፍላል፤ ጠቅላላው 225,000 ይሆናል። በብልጫ የተቀነሰውን 50,000 ለማስመለስ ያለው መንገድ ጅማ ባለው ከፋይ በኩል የተመላሽ ጥያቄ ማቅረብ ነው፤ ያም ረጅም ነው።

ህንድ ነፃ የማድረግ ዘዴን ብትጠቀም ኖሮ ስሌቱ ቀላል በሆነ ነበር። በሁለቱም ሁኔታ ኩባንያው የሚከፍለው ኢትዮጵያ የወሰደችውን 100,000 ብቻ ነው። በሁለተኛው ሁኔታ ለውጥ የለም፤ በመጀመሪያው ግን 75,000 ይተርፈዋል። በዚህ ምክንያት ነፃ ማድረግን የሚወዱ ሀገሮች እንኳ ብዙውን ጊዜ ዘዴውን የሚሰጡት ለቋሚ ድርጅት ትርፍና ለማይንቀሳቀስ ንብረት ገቢ ነው። በዝቅተኛ ጣሪያ ለተቀነሰባቸው ለወለድና ለመሳሰሉት ማካካሻን ያቆያሉ፤ አለበለዚያ 10 በመቶ የተከፈለበት ገቢ በዚያው ይቀራል።

ኢንጂነሮቹ ረጅም ቢቆዩስ?

አምስት ሳምንቱ ሰባት ወር ቢሆን ታሪኩ ይለወጣል። በኢትዮጵያ አዋጅ ለአንድ ወይም ለተያያዘ ፕሮጀክት በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ከ183 ቀን በላይ የተሰጠ አገልግሎት በቋሚነት የሚሠራ ድርጅት ይፈጥራል። ስምምነቱ የራሱ የቀን ገደብ ካለው ጠንካራው እሱ ነው፤ አንቀጽ 5 ላይ ይታያል። ቋሚ ድርጅት ከተፈጠረ በኋላ የ10 በመቶው ጣሪያ ይነሳና ትርፉ እንደማንኛውም ድርጅት በ30 በመቶ ይታክሳል፤ የሚታክሰው ግን ወጪ ተቀንሶ ነው።

ብዙ ሰው ይህን እንደ አደጋ ብቻ ነው የሚያየው። በሁለተኛው ሁኔታ ግን እናስላው፤ ትርፍ 200,000 × 30 በመቶ = 60,000። ከ100,000 ያነሰ ነው። ህንድ 50,000 ታካክሳለች፤ የሚባክነው 10,000 ብቻ ይሆናል። በመጀመሪያው ሁኔታ ደግሞ 700,000 × 30 በመቶ = 210,000 ስለሚሆን ቋሚ ድርጅቱ ይጎዳል። ቀጭን ትርፍ ላለው ሥራ ተመዝግቦ፣ መዝገብ ይዞ፣ ወጪውን በደረሰኝ አሳይቶ መክፈል ሊረክስ ይችላል። ደረሰኝ የሌለው ወጪ ግን እዚህ አይሠራም።

ቀን ሲቆጠር የመግቢያና የመውጫ ማኅተም ብቻ አይበቃም። የመጀመሪያው ቡድን ሄዶ ሌላ ቡድን በዚያው ማሽን ላይ ቢመጣ ፕሮጀክቱ አንድ ስለሆነ ቀኖቹ ይደመራሉ። በመስከረም ለተከላ፣ በታኅሣሥ ለጥገና፣ በግንቦት ለሥልጠና የተመላለሰ ሰው ሳያስበው ከገደቡ ሊያልፍ ይችላል። በማበጠሪያው በር ላይ ያለው የጥበቃ መዝገብ በኦዲት ጊዜ ከፓስፖርቱ የበለጠ ሲናገር ይገኛል።

ጎኑ ሲገለበጥ፦ የጅማው ድርጅት ውጭ ሲያተርፍ

ማበጠሪያው ቡና እየቆላ ውጭ ሀገር የመሸጫ ሱቅ ከፈተ እንበል። ሱቁ ቋሚ ድርጅት ስለሆነ ያ ሀገር መጀመሪያ ይወስዳል፤ ኢትዮጵያ ደግሞ የነዋሪነቱ ሀገር ናት። አዋጁ በአንቀጽ 45 ማካካሻን ይሰጣል። ጅማ ያለው ትርፍ 3,000,000፣ የሱቁ ትርፍ 2,000,000 ቢሆን፣ በ5,000,000 ላይ 30 በመቶ 1,500,000 ይሆናል። ያ ሀገር 20 በመቶ፣ ማለትም 400,000፣ ወስዶ ከሆነ ለኢትዮጵያ የሚቀረው 1,100,000 ነው። 36 በመቶ፣ ማለትም 720,000፣ ወስዶ ከሆነ ግን የማካካሻው ወሰን 2,000,000 × 30 በመቶ = 600,000 ስለሆነ 900,000 ይከፈላል፤ 120,000ው ይቀራል።

ነፃ በማድረግ ዘዴ በሁለቱም ሁኔታ ለኢትዮጵያ የሚከፈለው 900,000 ነው። ስለዚህ ውጭው ተመን ከኛ ሲበልጥ ሁለቱ ዘዴዎች አንድ ውጤት ይሰጣሉ፤ ልዩነት የሚመጣው ውጭው ሲያንስ ብቻ ነው። ማካካሻ ድምሩን ወደ ከፍተኛው ተመን ይጎትታል፤ ነፃ ማድረግ የመነሻውን ሀገር ተመን ይተዋል። ግብሩ በእርከን ለሚያድግበት ግለሰብ ደግሞ ብዙ ስምምነቶች ነፃ የሆነውን ገቢ ለተመን ብቻ ቆጥረው የቀረው ድምሩ በሚያስከትለው ከፍ ያለ ተመን እንዲታክስ ይፈቅዳሉ፤ ተመኑ አንድ ለሆነው ድርጅት ይህ ለውጥ አያመጣም።

ማካካሻውን ለማግኘት ከውጭው የግብር ባለሥልጣን የተሰጠ የክፍያ ደረሰኝ ያስፈልጋል። የሱቁ ሒሳብ ሠራተኛ ያዘጋጀው ሠንጠረዥ ወይም የባንክ ማስተላለፊያ ወረቀት አይተካውም። ግብሩም ገቢው ከተገኘበት የግብር ዓመት ማብቂያ በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ የተከፈለ መሆን አለበት። ቅጣትና ወለድ አይካካሱም። ከወሰኑ ያለፈው 120,000 አይመለስም፣ ወደሚቀጥለው ዓመትም አይሻገርም። ሱቁ ቢከስር ደግሞ ኪሳራው ከጅማው ትርፍ ላይ አይቀነስም፤ ውጭ ሀገር ከሚገኝ የንግድ ገቢ ጋር ብቻ ነው የሚቻቻለው።

ሁለቱ ሀገሮች ባይስማሙ

አንዳንዴ ኢትዮጵያ «የቴክኒክ ክፍያ ነው» ስትል ሌላው ሀገር «የንግድ ትርፍ ነው፣ ኢትዮጵያ መውሰድ አልነበረባትም» ብሎ ማካካሻ ይከለክላል። ክርክሩ የግብር ከፋዩ ሳይሆን የሁለቱ ሀገሮች ስለሆነ በአንቀጽ 25 የጋራ ስምምነት ሥርዓት ይቀርባል። በሞዴሎቹ አቤቱታው የሚቀርበው ከስምምነቱ ውጭ የሆነው ውሳኔ መጀመሪያ ከታወቀበት ቀን ጀምሮ በሦስት ዓመት ውስጥ ነው፤ የተወሰነ ስምምነት አጭር ጊዜ ሊያስቀምጥ ይችላል። የሀገር ውስጥ የይግባኝ ጊዜ በዚህ ምክንያት አይቆምም፤ ስለዚህ ሁለቱንም ጎን ለጎን ማስኬድ ያስፈልጋል። ከፋይሉ ውስጥ ኦሪጅናሉ መጥፋት የሌለበት ወረቀት በህንዱ ኩባንያ ስም የተሰጠው የተቀናሽ ግብር ደረሰኝ ነው፤ ጥቅል ክፍያው፣ ተመኑና ቀኑ ካልተጻፉበት ህንድ ያለው መርማሪ ወደ ጎን ያስቀምጠዋል።